በአሻራ ሲከፈል ባንኩ ዘንድ የሚደርሰው ምንድን ነው?

«ደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ ገዝቼ በስልኬ ስከፍል መተግበሪያው የጣት አሻራ ይጠይቀኛል። አሻራዬ ባንኩ ጋ ይሄዳል ማለት ነው?»

አይሄድም። አሻራዎን ስልኩ ላይ ሲያስመዘግቡ ምስሉ ወደ ቁጥራዊ መግለጫ ተለውጦና ተመስጥሮ እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከአንድሮይድ ተነጥሎ የሚሠራው ጥብቅ ክፍል ብቻ ስለሚያነበው የባንኩ መተግበሪያ እንኳ ሊያየው አይችልም።

በአግባቡ በተሠራ መተግበሪያ ላይ በአሻራ መክፈልን ሲያስጀምሩ ስልኩ ጥንድ ቁልፎችን ይፈጥራል፤ ምስጢራዊው በጥብቁ ክፍል ሲቀር ይፋዊው ወደ ባንኩ ይላካል። እንግዲህ ለጤፉ 6,000 ብር ሲከፍሉ ባንኩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ይልካል፤ ጣትዎ ከተመዘገበው ጋር ሲገጥም ምስጢራዊው ቁልፍ ይህን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠንና የነጋዴውን ሒሳብ አንድ ላይ ይፈርምባቸዋል፤ ባንኩም ፊርማውን በይፋዊው ቁልፍ ያረጋግጣል። ቁጥሩ በየክፍያው ስለሚለወጥ፣ ፊርማውን መንገድ ላይ የጠለፈ ሰው ዳግመኛ ሊከፍልበት አይችልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ባንኩ ጣቱ የማን እንደሆነ አለማወቁ ነው። ስልኩ ላይ የልጅዎም ጣት ተመዝግቦ ከሆነ ክፍያውን ሊያጸድቅ ይችላል። ለዚህም አዲስ ጣት ሲጨመር የቀድሞው ቁልፍ እንዲሰረዝ ማድረግ ይቻላል። የእርስዎ መተግበሪያ ይህን ማድረጉን ለማወቅ ሌላ ጣትዎን ያስመዝግቡና በእሱ ለመክፈል ይሞክሩ፤ የምስጢር ቁጥርዎን እንደገና ሳይጠይቅ ካሳለፈዎ፣ በአሻራ መክፈልን ዘግተው በምስጢር ቁጥር ብቻ ቢከፍሉ ይሻላል።