«ልጨርስ ነው» ካላችሁ በኋላ

ልጆች፣ ንግግር ጽፋችሁ «እስቲ እዩልኝ» ብላችሁ ስትልኩልኝ መግቢያው ላይ እንደለፋችሁበት ያስታውቃል። መሃሉም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ከሁለት አንዱን አገኛለሁ። ወይ የተባለው ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንደገና ይዘረዘራል፣ ወይ ደግሞ «ይኸው ነው፣ አመሰግናለሁ» ተብሎ ድንገት ይቆማል። ለራዲዮ ስጽፍና የሰው ንግግር ሳርም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ብዙ ቀይ እስክሪብቶ የጨረስኩት እዚችው የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እሷ ብቻ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተዋወቅ። የሚያነብ ሰው ስንት ገጽ እንደቀረው በእጁ ይዞ ያያል። የሚሰማ ሰው አያይም። እናንተ መጨረሳችሁን የምታውቁት ወረቀቱ በእጃችሁ ስላለ ነው፤ እሱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ድንገት ስትቆሙ የሚደናገረው ለዚህ ነው። ያጨበጭብ ወይስ ይጠብቅ? በሌላ በኩል የሚሰማ ሰው ወደ ኋላ ገልጦ ማየትም አይችልም። ስለዚህ ዋናውን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ደግማችሁ ልትሰጡት ይገባል። መድገሙ ግዴታ ነው፤ ጥያቄው እንዴት ተደግሞ አይሰለችም የሚለው ነው።

ብዙ ሰው «ቃል እየለዋወጥኩ ልድገመው» ይላል። በንግግሩ መሃል «ውሃ» ሲል የቆየው ሰው መጨረሻ ላይ «ፈሳሽ ነገር» ይላል፣ «ስድስት ወር» ያለው «ግማሽ ዓመት» ይላል። ይህ ለጽሑፍ ውበት ይሰጥ ይሆናል። ለጆሮ ግን ሌላ ነገር የተባለ ይመስለዋል። የሚያሰለቸው ቃሉ መደገሙ አይደለም፤ ያው ዝርዝር በያው ቅደም ተከተል፣ በያው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ዋናዋን ቃል አትንኳት። የምትቀይሩት በዙሪያዋ ያለውን ነው። ማን ያደርገዋል? የት? መቼ? መሃሉ ላይ «ሕፃናት» ብላችሁ በጅምላ የተናገራችሁት መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ይሁን። ምክንያት ሲያስረዳ የቆየው ሐሳብ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በእጁ የሚያደርገው ነገር ይሁን።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ለምትናገረው የስምንት ደቂቃ ንግግር ረቂቋን ይዛ መጣች። ዋናው ሐሳቧ አንድ ነበር፦ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ፣ ውሃም እንኳ አይሰጠው። አጀማመሯ በጣም ጥሩ ነበር። እሷ ስትወለድ አያቷ በሻይ ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠ ውሃ እንዳቀመሷት ተናግራ ነው የጀመረችው። ቀጥላ ሦስት ነገር አስረዳች። አንደኛ የጡት ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ራሱ ውሃ ስለሆነ በበጋ ሙቀትም ቢሆን ልጁን ይበቃዋል። ሁለተኛ ውሃውም ማንኪያውም ንጹሕ ካልሆኑ ተቅማጥ ያመጣሉ። ሦስተኛ ሆዱ በውሃ የሞላ ልጅ ብዙ አይጠባም፣ ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ወይም በተቅማጥ ጊዜ የሚሰጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እዚህ ውስጥ እንደማይገባም ጠቅሳለች። ጎበዝ ናት።

መጨረሻዋ ግን እንዲህ ይላል፦

«ስለዚህ እናቶች በአጠቃላይ እስካሁን እንዳየነው የእናት ጡት ወተት በቂ ውሃ ያለው በመሆኑ፣ እንዲሁም ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ተቅማጥ የሚያስከትል ስለሆነ፣ በተጨማሪም ውሃ መስጠት የእናትን ወተት የሚቀንስ በመሆኑ፣ ለስድስት ወር ጡት ብቻ መስጠት ጠቃሚ መሆኑን ተገንዝበን ተግባራዊ እንድናደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያልቃል። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰሚው «በመሆኑ፣ ስለሆነ፣ በመሆኑ» እያለ እስከ ግሡ ድረስ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ጠብቆ ጠብቆ የደረሰው «እጠይቃለሁ» ላይ ነው። ጡት የሚለው ቃል መሃል ላይ ሰምጦ ቀረ። የመጨረሻዋ ድምፅ ደግሞ «አመሰግናለሁ» ናት፤ እናቶቹ ይዘው የሚሄዱት እሷን ነው።

ይህን ስነግራት ተናደደችና ሁሉንም ሰረዘችው። በምትኩ «እንግዲህ ውሃ አትስጡ። ጨርሻለሁ» ብላ ጻፈች። ይኼም አልሆነም። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ትእዛዝ ሆነ፤ ስምንት ደቂቃ የተወራው ሁሉ ለምን እንደተወራ አይታወቅም።

ከዚያ ረቂቁን ወደ ጎን አደረግነውና ጠየቅኳት። ይቺ እናት ምክርሽን የምትረሳው የት ቦታ ላይ ነው? ብዙም አላሰበችም። «አማቷ ማንኪያ ይዘው ሲመጡ» አለችኝ። በቃ፣ መጨረሻው ያ ነው አልኳት። አብረን የጻፍነው ይኸውላችሁ፦

«ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጨርስ ነው። መጀመሪያ ላይ ስለዚያች የሻይ ማንኪያ ነግሬአችሁ ነበር። አንድ ቀን እናንተም ቤት ሙቀት ይሆናል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ አማታችሁ ማንኪያ ይዘው ይመጣሉ። ክፉ አስበው አይደለም። ልጁ ጠማው ብለው ነው፤ ጠምቶትም ይሆናል። ማንኪያዋን ተቀብላችሁ አስቀምጧት። ልጁን ጡት ላይ አድርጉት። ‹እማማ፣ ውሃው ያለው እዚህ ነው› በሏቸው። እስከ ስድስት ወር ውሃው ያለው እዚህ ነው።»

እስቲ እንየው። ሦስቱ ምክንያቶች በስማቸው አልተጠሩም፤ «ጠምቶትም ይሆናል» እና «ውሃው ያለው እዚህ ነው» ሲባል ግን ሰሚዋ ራሷ ታስታውሳቸዋለች። ውሃ፣ ስድስት ወር፣ ጡት የሚሉት ቃላት እንዳሉ ናቸው። «ልጨርስ ነው» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ለሰሚው መንገዱ ማለቁን ትነግረዋለች። ምስጋናውን ወደ ፊት አመጣነው፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ሐሳቡ ራሱ እንዲሆን ነው። «እዚህ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከግሡ በፊት ተጠግታ ገባች። በአማርኛ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። «እዚህ ውሃ አለ» ብላችሁ ሞክሩት፤ ወሬ ብቻ ይሆናል። «ውሃው ያለው እዚህ ነው» ስትሉ ግን ሌላ ቦታ የለም ማለታችሁ ነው።

ርዝመቷንም ልብ በሉ። እኔ ስናገር በደቂቃ ወደ 100 ቃል እሄዳለሁ፤ ይቺ ከማረፊያዋ ጋር ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ ትበልጣለች። ለስምንት ደቂቃ ንግግር እስከ አንድ ደቂቃ ብትደርስ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ግን ሰሚው «ልጨርስ ነው» ያለው ሰው ሌላ ንግግር የጀመረ ይመስለዋል። ስብሰባ ላይ ስንቴ አይተናል፤ «ንግግሬን ከማጠቃለሌ በፊት» ይባላል፣ ትንሽ ቆይቶ «በመጨረሻም» ይመጣል፣ ቀጥሎ «ሳልጠቅሰው የማላልፈው» ይከተላል። ሰው ቦርሳውን አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል። መጨረሻ አንዴ ብቻ ነው የሚነገረው። እዚያ ላይ አዲስ ነገር ማምጣትም አይሆንም። ልጅቷ መጀመሪያ ስለ ክትባት አንድ መስመር ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ ለሌላ ቀን አቆይው አልኳት።

ዋናውን ሐሳብ ወደ ጥያቄ ቀይሮ መጨረስም ይቻላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። ገና ሲጀምሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ረብሸዋል። ንግግሩ ረጅም ነው። የመርዝ ጋዙን ይናገራል፣ የተፈረሙትን ውሎች ያነሳል፣ ለትናንሽ መንግሥታት የተገባው ቃል ዋጋ አለው ወይ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ውሎቹን መልሰው አልዘረዘሩም። ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ የሚል ጥያቄ አቅርበው ነው ያበቁት። ያው ሐሳብ ነው፣ የተገባው ቃል ይጠበቃል ወይ የሚለው። አሁን ግን መልስ የሚጠበቅበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄው ዝም ብሎ ማሳመሪያ እንዳልሆነ አስተውሉ። በእውነት መልስ የሚፈልግ፣ መስጠት ለሚችሉ ሰዎች የቀረበ ጥያቄ ነው። «ታዲያ ምን እንላለን?» ብሎ መጨረስ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

ተረትና ምሳሌ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማንኛውም ንግግር ላይ ይገጥማል፤ ማንኛውም ላይ የሚገጥም ነገር ደግሞ የእናንተን ሐሳብ አይደግምም። ሰው ያጨበጭባል፣ ያጨበጨበው ግን ለተረቱ ነው።

ቃል በቃል መድገም የሚገባበት ጊዜም አለ፣ ይህን አትርሱ። የመድኃኒት አወሳሰድ ስትናገሩ፣ የስብሰባ ቀንና ሰዓት ስትናገሩ፣ አትለዋውጡ። «በቀን ሦስት ጊዜ ለአምስት ቀን» ካላችሁ መጨረሻም «በቀን ሦስት ጊዜ ለአምስት ቀን» ነው። እዚያ ውበት ሰው ይጎዳል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ መግቢያችሁንና መጨረሻችሁን ብቻ አውጥታችሁ አከታትላችሁ አንብቧቸው። ቦታ ብታቀያይሯቸው ንግግሩ ያው ከሆነ መጨረሻችሁ መግቢያውን ነው የደገመው። ጥሩ መጨረሻ መግቢያ ላይ ቢቀመጥ አይገባም፤ መሃሉን የሰማ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። «ማንኪያዋን ተቀብላችሁ አስቀምጧት» የሚለውን ከመጀመሪያው ብትሉት ማን ይረዳችኋል? ሌላው ደግሞ በስልካችሁ ቀድታችሁ ለቤት ሰው ማሰማት ነው። ድምፁ ሲያልቅ ሰሚው «አለቀ እንዴ?» ካላችሁ፣ መጨረሱን የምትናገር ዓረፍተ ነገር ጎድላለች ወይም የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በጣም ረዝማለች። ብዙ ጊዜ ለሁለት ስትከፍሏት ይስተካከላል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዙ፣ ወረቀት እያያችሁ አትናገሯቸው። ከ«ልጨርስ ነው» በኋላ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። መድረክ መሪው «ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል» የሚል ብጣሽ ወረቀት ሲያቀብላችሁም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አታድርጉ፤ መሃሉን እየሮጡ አንብቦ መጨረሻውን መዝለል ማለቴ ነው። ከመሃሉ አንዱን ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተዉት። ልጅቷ የኮንፈረንሱ ቀን ሰዓት ተጣቦባት ሦስተኛውን ምክንያት ዘለለችው። ማንኪያዋን ግን አልዘለለችም።