«አይመለከተንም፣ 19»

ልጆቼ፣ በዚህ ክረምት የሦስት ወጣት ተመራማሪዎችን የሲስተማቲክ ሪቪው ረቂቅ ጎንደር ማራኪ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ አነበብኩ። የተገኙት ጽሑፎች እየተጣሩ ስንቱ እንደወጣና ስንቱ እንደገባ የሚያሳየው የፕሪዝማው ፍሎው ዳያግራም በሦስቱም ላይ አለ፤ ሳጥኖቹ እኩል፣ ቀስቶቹ ቀጥ ያሉ። ሙሉ ጽሑፋቸው ተነቦ ውድቅ የተደረጉት በሚዘረዘሩበት ሳጥን ውስጥ ግን «አይመለከተንም፣ 19»፣ «ጥራቱ ዝቅተኛ፣ 8»፣ «ሙሉ ጽሑፉ አልተገኘም፣ 6» የሚል ነገር አየሁ። የምጽፍላችሁ ስለዚህች አንዲት ሳጥን ነው።

ሳጥኗን የማውቃት ስላጋለጠችኝ ነው። የመጀመሪያ ሪቪዬን ለአንድ መጽሔት ልኬ ገምጋሚው አንድ መስመር ጻፈልኝ፤ «የሚፈለገውን ውጤት አልዘገቡም ብላችሁ ያወጣችኋቸው 23 ጽሑፎች የትኞቹ ናቸው?» አላውቃቸውም ነበር። ቁጥሩን ያገኘሁት ከጠቅላላው ላይ የገቡትንና ምክንያታቸው የተጻፈውን ቀንሼ፣ የተረፈውን ሁሉ እዚያ ጨምሬ ነው። መብራት ሲመጣ እያነበብኩ፣ ሲጠፋ እየጠበቅኩ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከ23ቱ አምስቱ ውጤቱን በሠንጠረዥ አስቀምጠውት ኖሯል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፤ ቁጥሩ ለልምምድ ያህል የፈጠርኩት ነው። ጥያቄያችን እንዲህ ይሁን፦ በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ከያዟቸው አዋቂዎች መካከል ታክመው ከዳኑ በኋላ በሽታው የሚያገረሽባቸው ስንቶቹ ናቸው? ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ መተማና ሁመራ ወርደው ታመው የሚመለሱትን ወጣቶች ጎንደር ያለን ሰዎች ስለምናውቃቸው ጥያቄው እንግዳ አይሆንብንም።

ከመረጃ ቋቶቹ 720 ሪከርድ መጣ። ተደጋጋሚ የሆኑት 228 ሲወጡ 492 ቀረ። ርዕስና አብስትራክት አንብበን 431 ጣልን፤ እዚህ ደረጃ ላይ ምክንያት በየአንዳንዱ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ለ61ዱ ሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ወጣን። ለታዳጊ አገሮች መጽሔቶችን በሚከፍተው በሂናሪ ሞከርን፣ ለደራሲዎቹ ኢሜይል ላክን፣ አራቱ ግን ጨርሶ አልተገኙም። እነዚህ አራቱ «ውድቅ የተደረጉ» አይደሉም። ማንም ሳያነባቸው ማን ውድቅ አደረጋቸው? እ.ኤ.አ. በ2009ኙ ፕሪዝማ ለእነሱ የተለየ ሳጥን አልነበረም፤ የ2020ው ግን ተፈልገው ያልተገኙትን ለብቻ ያስቀምጣል። ብዙዎቻችሁ ከድሮ ጽሑፍ ላይ ሳጥኑን ስለምትቀዱ ነው ስህተቱ የሚደጋገመው። ስለዚህ ያነበብነው 57 ነው።

አሁን ምክንያቶቹ። ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት ከፕሮቶኮላችሁ መስፈርት አውጥታችሁ በቅደም ተከተል ጻፏቸው። ለእኛ ጥያቄ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ሀ፣ ጥናቱ የቆዳ ሌሽማንያ እንጂ ካላዛር አይደለም፤ ለ፣ የኤችአይቪ ታካሚዎች ውጤት ለብቻ አልቀረበም፤ ሐ፣ የአንድ ወይም የጥቂት ታካሚዎች ታሪክ ወይም የሌሎች ጥናቶች ዳሰሳ ነው፤ መ፣ ማገርሸት አልተለካም። አንባቢው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ መጀመሪያ «አያሟላም» ያለበት ፊደል ላይ ይቆማል፣ ያንን አንድ ፊደል ይጽፋል።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? የኤችአይቪ ምርመራ ያልተደረገላቸውን ሁለት ታካሚዎች ታሪክ የሚያወራ ጽሑፍ አስቡ። እናንተ «ሐ» ትላላችሁ፣ ጓደኛችሁ «ለ» ትላለች። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጽሑፉም ይወጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ግን እንደ ጻፊው ይለያያል። አንዳንዱ ሁለቱንም ጽፎ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል፤ የምክንያቶቹ ድምር ከወጡት ጽሑፎች ቁጥር በልጦ ካያችሁ ይህ እንደተፈጠረ እወቁ። ቅደም ተከተል ካለ ግን መልሱ «ለ» ብቻ ነው። ፊደሉን የምትጽፉት ደግሞ ጽሑፉ ገና ፊታችሁ ተከፍቶ ሳለ ነው፤ ጎኑም ላይ ያያችሁበትን ገጽ ወይም ሠንጠረዥ። 57ቱ በኤክሴል ከ2ኛው እስከ 58ኛው ረድፍ፣ ፊደላቸውም በF ዓምድ ካሉ፣ መቁጠሩን ለእሱ ተዉለት፦

```
=COUNTIF(F2:F58,"ለ")
```

በእኛ ምሳሌ ሀ 5፣ ለ 14፣ ሐ 12፣ መ 10 ወጣ፤ ድምሩ 41፣ የቀረው 16። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ፋይሉን ዘግቶ ቡናውን ያስፈላል። እኔ ግን ወደ «መ» እመለሳለሁ፤ ያቺን የጥንቷን 23 አልረሳኋትማ።

«ማገርሸት አልተለካም» እና «ማገርሸት አልተዘገበም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በካላዛር ጥናት ታካሚው መድኃኒቱን ሲጨርስ አንድ ጊዜ ይታያል፤ የመጨረሻው መዳን የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ነው። አንድ ጽሑፍ የሕክምናውን ማብቂያ ውጤት ብቻ ካቀረበ የዘዴ ክፍሉን ክፈቱ። የስድስት ወር ቀጠሮ ጨርሶ ካልነበረ አልለኩም፤ «መ» ትክክል ነው። ቀጠሮው ኖሮ ውጤቱ ከጠፋ ግን ጥናቱ ከመስፈርታችሁ ውስጥ ነው፣ የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን አውጥታችሁ ብትጥሉት፣ ምናልባት ውጤቱ መጥፎ ስለነበረ የተደበቀውን እናንተም አብራችሁ ደበቃችሁት ማለት ነው። አስገቡት፣ ለደራሲው ጻፉ፣ መልስ ካልመጣ ጥናቱን ከገቡት ጋር ዘርዝራችሁ የማገርሸት ውጤቱ እንዳልተገኘ ተናገሩ።

አሥሩን እንደገና ስናይ ሦስቱ የስድስት ወር ቀጠሮ እንደነበራቸው አገኘን እንበል። «መ» ወደ 7 ይወርዳል፣ የወጡት 38 ይሆናሉ፣ የገቡት 19። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ አስቀድሞ የገባ ሙከራ ሁለተኛ ጽሑፍ ሆነ፤ ታካሚዎቹ ያው ናቸው። ይህንንም «ተደጋጋሚ» ብሎ ማውጣት ያጓጓል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ጽሑፍ በመጀመሪያው የሌለ መረጃ ሊይዝ ስለሚችል ከጥናቱ ጋር ይታሰራል እንጂ አይጣልም። የመጨረሻው ሳጥን ጥናትና ሪፖርት ብሎ ሁለት መስመር የያዘው ለዚህ ነው፤ በአንዱ 19 ሪፖርት፣ በሌላው ከዚያ ያነሰ የጥናት ቁጥር ይገባል።

«ጥራቱ ዝቅተኛ» ስለሚለው ብዙ አልልም። በፕሮቶኮላችሁ መስፈርት ካላደረጋችሁት ደካማ ጥናት ይገባና የአድልዎ ሥጋቱ ይመዘናል። «አይመለከተንም» ደግሞ ምክንያት ሳይሆን የአንባቢው ድካም ነው፤ በአብስትራክት ያለፈውን ጽሑፍ ሙሉውን ስታነቡ ያልተመለከታችሁ ከየትኛው መስፈርት አንጻር እንደሆነ ሳጥኑ መናገር አለበት።

ፕሪዝማ ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ መስፈርቱን የሚያሟሉ የሚመስሉ ግን የወጡ ጥናቶችን በስማቸው ጠቅሶ ምክንያታቸውን መግለጽ። ከ38ቱ ሁሉንም በአባሪ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ የማትተዉት ግን ለምሳሌ በ«ለ» የወጣውን፣ ብዙ የኤችአይቪ ታካሚዎች ኖረውበት ውጤታቸው ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ የቀረበውን ትልቅ ጥናት ነው። መስኩን የሚያውቅ አንባቢ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ጎኑ ላይ «የኤችአይቪ ታካሚዎች ውጤት ለብቻ አልቀረበም፣ ሠንጠረዥ 3፤ ደራሲው ሁለት ጊዜ ተጠይቀው አልመለሱም» የሚል ካገኘ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።