ጎማው ተቀየረ፣ ሽታው ግን ተመለሰ

«ሰላም ወንድሜ። ከፊት የሚከፈት ባለ 7 ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ የታጠበ ልብስ፣ በተለይ ፎጣ፣ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አንድ ሠራተኛ መጥቶ ‹ጎማው ነው› ብሎ የበሩን ጎማ ቀየረልኝ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነና ተመለሰ። ሁልጊዜ በ30 ዲግሪ ነው የማጥበው። ሳሙናው ለእጅም የምንጠቀምበት ዱቄት ነው። አጥቦ ሲጨርስ መስታወቱ ላይ ትንሽ አረፋ ይቀራል። ምን ላድርግ? ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ የጠረጠርኩት ያቺን የቀረች አረፋ ነው። ማሽን አለቅልቆና ጨምቆ ሲጨርስ መስታወቱ ላይ አረፋ መታየት የለበትም። ከታየ ሳሙናው በዝቷል፣ ወይም ለማሽን የተሠራ አይደለም። የእርስዎ ሁለቱም ይመስለኛል። ሽታው ጎማው ተቀይሮ በሁለት ሳምንት መመለሱ ደግሞ ዋናው ቆሻሻ ጎማው ላይ እንዳልነበረ ይነግረኛል። ያለው እርስዎም እኔም ከውጭ የማናየው ቦታ፣ ከከበሮው ጀርባ ነው።

ይህን ጉዳይ ትንሽ ላብራራው፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ማሽኑ ውስጥ ያለው ከበሮ አንድ ብቻ አይደለም። ልብስ የምናስገባበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ከበሮ፣ ውሃ በሚይዝ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ነው የሚዞረው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ውሃ ቆጣቢ ነው። ውሃው የሚተኛው ከበርሜሉ ታች ብቻ ሲሆን ልብሱ እየተነሳ እየወደቀ ይታጠባል። ስለዚህ የበርሜሉን ጣሪያና የከበሮውን ጀርባ ውሃ ደህና አድርጎ አያገኛቸውም። አረፋ ግን ያገኛቸዋል። አረፋ ሲነሳ ከልብስ የወጣውን ቅባት፣ ላብ፣ የቆዳ ብናኝና የጨርቅ ብናኝ ተሸክሞ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ከዚያ ማሽኑ ይቆማል፣ አረፋው ይከስማል፣ የተሸከመው ግን እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ማለቅለቂያው ውሃም እዚያ ድረስ አይደርስም። በሚቀጥለው እጥበት ሌላ ሽፋን ይደረብበታል። በ30 ዲግሪ ውሃ ቅባት ደህና ሆኖ አይለቅም፤ ባክቴሪያና ሻጋታም አይሞቱም። እርጥበት አለ፣ ምግብ አለ፣ በሩ ደግሞ ተዘግቷል። ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኙም።

ከከበሮው ጀርባ ባለ ሦስት ክንድ ማቀፊያ አለ። ከበሮውን ተሸክሞ የሚያዞረው እሱ ነው፤ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው የሚሠራው። ባለፈው ክረምት እንደ እርስዎ የሚሸት አንድ ማሽን ፈትቼ ነበር። በክንዶቹ መታጠፊያ ላይ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ግራጫ ሊጥ ተጋግሯል። በመፍቻ ሳነሳው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነበር። ከፊት ሲታይ ግን ያ ማሽን ከበሮው ያብረቀርቃል፣ ጎማውም አዲስ ነው። የሸተተውን ትቶ የሚታየውን መቀየር ማለት ይሄ ነው።

የአዲስ አበባ ውሃም የራሱ ድርሻ አለው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ለስላሳ ውሃ ነው። ለስላሳ ውሃ በትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። የእጅ ዱቄት ደግሞ ሆን ተብሎ አረፋ እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ በሳፋ ሲታጠብ አረፋ ካላየን ሳሙናው የሠራ አይመስለንም። ለማሽን የሚሠራው አረፋ የሚገታ ነገር አለበት።

ግምቴ ትክክል መሆኑን ራስዎ ያረጋግጡ። ማሽኑን ባዶውን፣ ያለ ምንም ሳሙና፣ በ60 ዲግሪ ይክፈቱት። ከ20 ደቂቃ በኋላ በመስታወቱ ይመልከቱ። ጥቂት አረፋ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ጤነኛ ነው። መስታወቱ ሥር ነጭ አረፋ ከቆመ ግን ያ ሁሉ የድሮ ሳሙና ነው። ሽታው የሻጋታ ሳይሆን የሽንት ቤት ዓይነት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የማስወጫ ቱቦውን ይዩ። አንዳንድ ሠራተኛ ቱቦውን የፍሳሹ መስመር ውስጥ አንድ ክንድ ሙሉ ያስገባና ዙሪያውን በፕላስተር ይጠቀልላል። እንዲህ ሲሆን የፍሳሹ ጋዝ በቱቦው ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ጫፉ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አይግባ፣ ዙሪያውም አየር ያግኝ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት የምነግርዎት አለ፤ ኋላም እደግመዋለሁ። በረኪናና ኮምጣጤ፣ በረኪናና ሎሚ፣ በረኪናና የካልክ ማስለቀቂያ አሲድ በምንም ተአምር አይገናኙ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አንዲት ደንበኛዬ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት በረኪና ጨምራ፣ «ይበልጥ ያጸዳል» ብላ ኮምጣጤ ደረበችበት። እያሳላት በእግሯ መውጣቷ ተመስገን ነው። ደግሞም እጅዎ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀል። በማብሪያው ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ሶኬቱን ነቅለው፣ የውሃውን ቧንቧ ዘግተው ከታች ካለችው ትንሽ በር ይጀምሩ፤ ፊልተሩ እዚያ ነው። ማሽኑ በቅርቡ በሙቅ አጥቦ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ እጅ የሚያቃጥል ውሃ ነው የሚወጣው። ዝቅ ያለ ትሪና ጨርቅ ከሥሩ ያድርጉ። ፊልተሩን ወደ ግራ ቀስ አድርገው ይፍቱ፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ያውጡት። ፀጉር፣ ሳንቲም፣ ግራጫ ዝቃጭ ያገኛሉ። በጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፣ ጉድጓዱንም በጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ አጥብቀው ይመልሱት።

ቀጥሎ ጎማው። አዲስ ቢሆንም ይዩት፤ እንዲያውም አዲስ ስለሆነ ይበልጥ ይዩት። የታችኛውን እጥፋት ወደ እርስዎ ሲስቡ ትናንሽ ቀዳዳዎች መታየት አለባቸው። እጥፋቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ በርሜሉ የሚመለሰው በእነሱ ነው። ገበያው ላይ ያሉት ርካሽ ጎማዎች ያናድዱኛል። አንዳንዱ ቀዳዳው በቅጡ ያልተበሳ ነው፣ በላስቲክ ትርፍራፊ እንደተደፈነ ይመጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ አገጣጠሙ ነው። ጎማው ላይ ከላይ መዋል ያለበት ምልክት አለ። ሠራተኛው ምልክቱን ሳያይ ከገጠመው ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ታች ውሃ ይቋጥራል። የእርስዎ ቀዳዳዎች በጎን በኩል ካሉ፣ የቀየረልዎትን ሰው መልሰው ይጥሩትና አዙሮ ይግጠመው። ሌላ ክፍያ አይገባውም።

እጥፋቱን ለማጽዳት ጓንት አድርገው አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ይቀላቅሉ፣ በጨርቅ ይቀቡት፣ 15 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ይጥረጉ። ያልተበረዘ በረኪና ጎማ ያደርቃል። የሳሙናውን መሳቢያም ሙሉ በሙሉ ያውጡት። መሐሉ ላይ የምትጫን ምላስ አለች፤ እሷን ተጭነው ይሳቡ። መሳቢያውን በሙቅ ውሃ ይጠቡት፣ የሚገባበትን ጎጆ ጣሪያም በብሩሽ ይሹት። ጥቁሩ ነገር የሚንጠለጠለው እዚያ ጣሪያ ላይ ነው።

አሁን የማይታየው ቦታ። ማሽኑን ባዶውን፣ ያለ ሳሙና በ60 ዲግሪ ይክፈቱ። አረፋ ካዩ ሲጨርስ ይድገሙት። እንዲህ የቆየ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። አረፋው ሲጠፋ አንዴ በ90 ያጥቡ። ቸኩለው በ90 አይጀምሩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በአረፋ የተሞላ ማሽን በ90 ሲንተከተክ በመሳቢያው ሊገነፍል ይችላል። በ90 ሲሠራ ሕፃናት ወደ መስታወቱ አይጠጉ።

ከዚህ በኋላም ሽታ ካለ አንድ የቡና ስኒ በረኪና በዋናው የሳሙና ክፍል ጨምረው፣ ባዶውን በ40 ዲግሪ ያጥቡ፤ ከዚያ አንዴ በውሃ ብቻ ያለቅልቁት። በረኪና አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ስለዚህ ይህ የየሳምንቱ ሥራ አይሁን። እደግመዋለሁ፦ በዚያ ቀን ኮምጣጤም ሎሚም ወደ ማሽኑ አይጠጋ። መስኮትም ይከፈት።

እንዳይመለስ የሚያደርገው ሳሙናው ነው። ማሸጊያው ላይ ለአውቶማቲክ ማሽን የሚል ይግዙ። በመጀመሪያ ማሸጊያው ከሚለው ግማሹን ይጨምሩ፤ ልብሱ ካልጸዳ ብቻ ከፍ ያድርጉት። በመጨረሻው ማለቅለቂያ መስታወቱ ላይ አረፋ ካዩ አሁንም በዝቷል። ማለስለሻ ፈሳሹን ከፎጣ ላይ ያቁሙት፤ ቅባትነት አለው፣ ፎጣውም ውሃ መምጠጥ ይተዋል። ፎጣ፣ አንሶላና የውስጥ ልብስ በሳምንት አንዴ በ60 ይታጠቡ። ሌላውን በ30 ማጠብዎን ይቀጥሉ፣ ችግር የለውም።

ልብሱን እንደጨረሰ ያውጡ። በሩን አንድ ጭብጥ ያህል ክፍት፣ መሳቢያውንም ሳብ አድርገው ይተዉ። ትንሽ ልጅ ቤት ካለ ግን የመታጠቢያ ቤቱን በር ይቆልፉ፤ ልጅ ከበሮው ውስጥ ሊገባ ይችላል። መብራት በእጥበት መሐል ጠፍቶ ከቆየ ልብሱን እዚያው አያሳድሩት። ሶኬቱን ነቅለው በፊልተሩ በኩል ውሃውን ያፍስሱና ይክፈቱ።

ይህን ሁሉ አድርገው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታው ከተመለሰ፣ ከጀርባ ያለው ሊጥ በውሃ የሚለቅ አይደለም፤ በርሜሉ መፈታት አለበት። የሚፈታውን ሰው ማቀፊያውን በዓይንዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። አሁኑኑም ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ከበሮውን በእጅዎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክሩት። ከበርሜሉ ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ጎማውን ለብቻው እየፈተገ የሚንቋቋ ከሆነ ክንዱ ተበልቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። እንደዚያ ከሆነ ልብስ አይክተቱበት፤ ሲጨምቅ ክንዱ ከተሰበረ በርሜሉን ይዞ ይሄዳል።