ሆትስፖት ላይ ከሰራ ጥፋቱ የማን ነው? የላፕቶፕና የቤት ኔትወርክ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ቤት ዋይፋይ ላይ No internet ይለኛል፣ በስልኬ ሆትስፖት ግን ጥርት አድርጎ ይሰራል። ራውተሩ ነው አይደል የተበላሸው? ልቀይረው ነው።

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ አትቀይረው፣ ገና ግማሹን ነው የሞከርከው። ሆትስፖቱ የነገረህ ላፕቶፑ በሌላ መንገድ ኢንተርኔት መጠቀም እንደሚችል ነው እንጂ ራውተሩ ጥፋተኛ ነው አላለህም። አሁን ስልክህን ቤት ዋይፋይ ላይ አድርገውና የሞባይል ዳታውን አጥፋ፣ ይቺን እንዳትረሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ስልክ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ ሳይነግርህ ወደ ዳታ ይዞርና አንተ ዋይፋዩ የሰራ ይመስልሃል። ዳታ ጠፍቶ ስልኩም እምቢ ካለ ችግሩ ራውተሩ ወይ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ነው። ከሰራ ግን ተመለስና ንገረኝ።

ጥያቄ፦ ሞከርኩት፣ ዳታ ጠፍቶም ስልኩ ይከፍታል። ሁለቱም ደህና ናቸው ማለት ነው? ታዲያ ምኑ ነው? ራውተሩን ደግሞ በቅርቡ ነው የቀየርነው፣ ስሙንና ፓስወርዱን ግን እንደድሮው ነው ያደረግነው።

መልስ፦ አሃ፣ ይሄንን መጀመሪያ ብትለኝ! ላፕቶፑን ቤት ዋይፋይ ላይ አድርገህ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈትና `ipconfig` ብለህ የሚወጣውን ላክልኝ፣ ስልክህም ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፍተህ ጌትዌይ የሚለውን እይ።

ጥያቄ፦ ይኸው። ስልኩ ጌትዌይ 192.168.0.1 ነው የሚለው።

```
IPv4 Address. . . : 192.168.1.50
Default Gateway . : 192.168.1.1
```

መልስ፦ ተገኘ። ላፕቶፕህ 192.168.1.1 የሚባለውን የድሮውን ራውተር ነው የሚፈልገው፣ አዲሱ ደግሞ 192.168.0.1 ላይ ነው ያለው። ድሮ ሰው አድራሻውን በእጅ ሞልቶልህ ነበር ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ከዋይፋዩ ገጽ ገብተህ የሞላኸው አድራሻ ከዛ ዋይፋይ ስም ጋር ነው የሚቀመጠው፣ ስሙን ስላልቀየራችሁት ላፕቶፑ ያንኑ አወጣና ተጠቀመ፣ ሆትስፖቱ ግን ሌላ ስም ስለሆነ አድራሻውን ራሱ ተቀብሎ ሰራ። የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈት፣ IP assignment የሚለውን Automatic (DHCP) አድርገው፣ በቃ። እዛው DNS በእጅ ተሞልቶ ከሆነ እሱንም አውቶማቲክ አድርገው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፣ ያ ላፕቶፑ ጠይቆ አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ ነው የሚመጣው።

አስተያየት፦ እኔ ግን ሁሌ በዩኤስቢ ገመድ ነው ስልኬን የማገናኘው፣ ዋይፋይ ሆትስፖት አያስተማምንም። በገመድ ከሰራ ላፕቶፑ ነፃ ነው።

መልስ፦ ገመዱ ጥሩ ነው፣ ግን ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣም። በገመድ ስታገናኝ የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ ስራ ላይ የለም፣ ስለዚህ ካርዱ ሞቶም ቢሆን ይሰራልሃል። እኔ መጀመሪያ በዋይፋይ ሆትስፖት ነው የምሞክረው፣ እሱ እምቢ ሲል ነው ወደ ገመድ የምሄደው። በገመድ ሰርቶ በዋይፋይ ካልሰራ ያኔ ካርዱን ወይ ድራይቨሩን እጠረጥራለሁ፣ በሁለቱም እምቢ ካለ ደግሞ ቪፒኤን፣ ፕሮክሲ ወይ አንቲቫይረስ አያለሁ፣ ስልኩ ራሱ በዳታ ኢንተርኔት እየከፈተ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ በሆትስፖትም በቤት ዋይፋይም እኩል ነው የሚንቀራፈፈው፣ ላፕቶፑ ነው ብዬ ፎርማት ላደርገው ነው።

መልስ፦ እህቴ ፎርማቱን አቆዪው። ሆትስፖቱን ስትከፍቺ የስልክሽ ዋይፋይ በርቶ ነበር? አንዳንድ ስልክ የተገናኘበትን ዋይፋይ ራሱን ነው በሆትስፖት የሚያካፍለው፣ ያኔ ላፕቶፑ ዞሮ ዞሮ በቤቱ ራውተር ነው የሚወጣው፣ አንዱን ነገር ሁለቴ ሞከርሽ ማለት ነው። የስልኩን ዋይፋይ አጥፊና በዳታ ብቻ ድገሚው።

ጥያቄ፦ ሆትስፖት ዳታዬን ሙልጭ አድርጎ ጨረሰው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ላፕቶፑ ዋይፋይ ያገኘ መስሎት አፕዴት እያወረደ ይሆናል። ከሆትስፖቱ ጋር እንደተገናኘህ Metered connection የሚለውን አብራው፣ አብዛኛውን አፕዴት ይይዝልሃል። ሞክረህ ስትጨርስም አላቅቀው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ቀን ሁሉም ይሰራል፣ ማታ ማታ ብቻ ላፕቶፑ ላይ ቪዲዮ ኮል ይቆራረጣል። ሆትስፖት ላይ ቀን ሞከርኩት ምንም የለውም።

መልስ፦ ቀን የሰራው ስለማታው ምንም አይነግረንም፣ ሙከራው ችግሩ ባለበት ሰዓት ነው መሆን ያለበት። ማታ ሲቆራረጥ እዛው ቦታ ተቀምጠህ ወደ ሆትስፖት ቀይር፣ ቀጥሎ ስልኩን ዳታ አጥፍተህ በቤት ዋይፋይ ኮል አድርግበት። ጎረቤት ዋይፋይ የሚጨናነቅበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ መስመሩም ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝ።