ቃለ ጉባኤ ያዢ የሚባሉት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ

«ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዢ የምንባለው ሁሌ እኔና ሌላዋ ሴት ባልደረባዬ ነን። የሽኝት ዝግጅትም እንደዛው። አድልዎ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት?»

አላካበድሽም። ግን ከመናገርሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፦ አንቺ በቀረሽበት ቀን ማን ይጽፋል? ስራው አዲስ የገባውን ወንድ ጀማሪ አልፎ በደረጃ ወደምትበልጠው ሴት ከሄደ፣ ነገሩ የልምድ ጉዳይ አይደለም። «ያንቺ ጽሁፍ ያምራል» ካሉሽም፣ ሁሉም በላፕቶፕ ነው የሚጽፈው እኮ።

«ፈቃደኛ ማነው?» የሚለው ጥያቄም አታላይ ነው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ማንም የማይፈልገውን ስራ በፈቃዳቸው የሚወስዱት ይበልጥ ሴቶች ነበሩ። ቡድኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ግን እጃቸውን እንደ ሴቶቹ ያወጣሉ። ስለዚህ ችግሩ ተፈጥሮ ሳይሆን ሁሉም «እሷ ታደርገዋለች» ብሎ መጠበቁ ነው።

አለቃሽን «ለምን እኔ?» ከማለት ይልቅ «በስም ዝርዝር ተራ እንያዝ፣ ዛሬ ከላይ እንጀምር» በይ። ዝግጅቱንም በዚያው ተራ አስገቢው። አንዱ ሆን ብሎ አበላሽቶ ቢጽፍ (ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው) አንቺ እንዳታስተካክዪለት፤ ለራሱ ይመለስና ያርመው።