ትርፍ መስሎኝ ዋናዬን በላሁት፦ ስለ ትሬድ መዝገብ

«በሁለት ኤክስቼንጅና በሦስት ዋሌት ነው የምሠራው። እያንዳንዱ ትሬድ ስንት እንዳተረፈ ወይም እንደከሰረ የሚያሳይ ኤክሴል ልሠራ ብዬ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት ነው ያደረጋችሁት?»

ወንድሜ፣ ችግሩ ፎርሙላህ ላይ አይመስለኝም። እኔ የምጠረጥረው ዝውውሩን ነው። እኔን ያከሰረኝ እሱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የመጀመሪያው ሺቴ ለእያንዳንዱ ኤክስቼንጅ የራሱ ገጽ ነበረው። ያወረድኩትን ሲኤስቪ እለጥፍና ግዢና ሽያጩን ብቻ እደምራለሁ። አንዱ ጋ ገዝቼ በዋሌቴ አሳልፌ ሌላው ጋ የሸጥኩት ኮይን ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ የግዢ ዋጋ የለውም። ሺቱ በነጻ እንዳገኘሁት ቆጥሮ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ትርፍ አለልኝ። በአራት ወር 3,100 ዶላር ትርፍ አሳየኝ። ያንን አምኜ 1,500 ዶላር አውጥቼ ለሌላ ጉዳይ አዋልኩት። በኋላ መስመር በመስመር ስቆጥረው እውነተኛው ውጤት 240 ዶላር ኪሳራ ሆኖ ተገኘ። ያወጣሁት ከትርፌ ሳይሆን ከዋናዬ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የምሠራበትን ልንገርህ።

1. ገጽ አታብዛ፣ መዝገቡ አንድ ብቻ ይሁን። ስምንት አምድ ይበቃዋል፦ A ቀን፣ B ቦታ (የትኛው ኤክስቼንጅ ወይም ዋሌት)፣ C ዓይነት፣ D ኮይን፣ E መጠን፣ F የዶላር ገንዘብ፣ G የግብይት መለያ፣ H የዕጣ ቁጥር። ከቦታው የወጣ መጠን በመቀነስ ምልክት፣ የገባው በመደመር ይጻፋል። ገንዘቡም እንደዚያው ነው፤ ስትገዛ መቀነስ፣ ስትሸጥ መደመር። ዝውውር ሲሆን ሁለት መስመር ይይዛል፣ ከዚህ ወጣ፣ እዚያ ገባ። የ F አምድ ግን ባዶ ይቀራል። ኮይኑ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተሸጠም።

2. አንድ ግዢ አንድ ዕጣ ነው፤ ለእያንዳንዱ የዕጣ ቁጥር ስጠው፤ L014 በለው። ኮይኑ የትም ይሂድ የት ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ከመዝገቤ አንዱን ላሳይህ። በ1,000 ዩኤስዲቲ 0.5 ኢቴሪየም ገዛሁ፣ ዋጋው 2,000 ነበር። ኤክስቼንጁ ኮሚሽኑን ከኮይኑ ላይ ስለቆረጠ የደረሰኝ 0.4995 ነው። ወደ ዋሌቴ ሳወጣ 0.0015 ተቆረጠ። ከዋሌቱ ወደ ሁለተኛው ኤክስቼንጅ ስልከው ደግሞ 0.0005 ለኔትወርኩ ክፍያ፣ ለጋዝ፣ ሄደ። ሁለቱንም የራሳቸው የክፍያ መስመር ላይ በመቀነስ ጻፍኳቸው። የደረሰው 0.4975 ነው። በ2,500 ሸጥኩት፣ 1,243.75 ሆነ፤ ኮሚሽን ሲነሳለት 1,242.51። ከዚያ የዕጣውን ውጤት ይሄ ይሰጠኛል፦

```
=SUMIFS(F:F,H:H,"L014")
```

መልሱ 242.51 ነው። የድሮው ሺቴ ይህንኑ ትሬድ 1,242.51 ትርፍ ይለው ነበር። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ኮይኑ ሁለተኛው ኤክስቼንጅ ሲገባ በዚያን ቀን ዋጋ እንደተገዛ አድርጎ ይመዘግበዋል። የዚያን ዕለት ዋጋ 2,400 ስለነበር ትርፉ 48.51 ብቻ ሆኖ ይታያል። አንድ ትሬድ፣ ሦስት መልስ። የአንተም ቁጥር በዚህ መንገድ የጠፋ ይመስለኛል።

ግማሹን ብቻ ከሸጥክ የግዢውን መስመር ለሁለት ከፍለው፣ L014a እና L014b። ካልከፈልከው ሙሉ ወጪው በግማሽ ሽያጭ ላይ ያርፍና የሌለ ኪሳራ ታያለህ። ኮሚሽኑ በሌላ ኮይን፣ ለምሳሌ በቢኤንቢ ከተከፈለ ደግሞ ሁለት ነገር መጻፍ አለብህ። ዋጋው በዶላር ተተምኖ ከትሬዱ ዕጣ ላይ ይቀነሳል። ቢኤንቢውም ከራሱ ዕጣ መጠኑ ይቀንሳል፣ በዚያው ዋጋ እንደተሸጠ ይቆጠራል።

3. ትርፍ ከማስላትህ በፊት መጠን አስታርቅ። ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ ቦታና ኮይን፦

```
=SUMIFS(E:E,B:B,"Wallet1",D:D,"ETH")
```

የሚወጣው ቁጥር ዋሌቱን ከፍተህ ከምታየው ጋር እስከ ሳንቲሟ መግጠም አለበት። ካልገጠመ የትርፉን አምድ አትመነው፣ የሆነ መስመር ጎድሏል ማለት ነው። እኔ ጋ 0.011 ኢቴሪየም ጠፍታ ሁለት ማታ ፈልጌአታለሁ። የተገኘችው የብሎክ ኤክስፕሎረሩ ላይ ነው። ያልተሳኩ ግብይቶች ነበሩኝ። ኢቴሪየም ላይ ግብይት ቢከሽፍም ጋዙ አይመለስም። እኔ ደግሞ ስላልተሳኩ አልመዘገብኳቸውም ነበር። ሌላው፣ በኢቴሪየም ኔትወርክ ከዋሌትህ ዩኤስዲቲ ስትልክ ጋዙ የሚቆረጠው ከኢቴሪየምህ ነው፤ ዩኤስዲቲው ስለገጠመ ብቻ አትርካ።

4. ዝውውሮቹን በመለያቸው አጣምር። ላኪው ጋም ተቀባዩ ጋም አንድ ዓይነት የግብይት ሃሽ ታገኛለህ፤ እሱን G ላይ አስገባ። ሰዓቱ በደቂቃዎች ስለሚለያይ በሰዓት አታጣምር። አንዱ ኤክስቼንጅ በዩቲሲ፣ ሌላው በአንተ ሰዓት ስለሚያወርድም ከመለጠፍህ በፊት ሁሉንም ወደ ዩቲሲ ቀይር። እኔ ጋ ሽያጩ ከግዢው በፊት የተፈጸመ ይመስል ነበር።

ኤክሴል ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር አይዝም፤ የቀረውን ዜሮ ያደርገዋል። የአንዳንድ ኤክስቼንጅ የትዕዛዝ ቁጥር 18 እና 19 አሃዝ ነው። ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች አንድ ሆነውብኝ አንዱን ድግግሞሽ ነው ብዬ ሰርዤዋለሁ። ጽሑፍ አድርገህ ብታስገባው እንኳ `SUMIFS` ሲያወዳድር እንደ ቁጥር ያየዋል። ስለዚህ ጽሑፍ አድርገህ ካስገባኸው በኋላ ከፊቱ ፊደል ጨምርበት፣ ለምሳሌ `T`፤ ያኔ ይድናል።

5. ታሪክህን በየወሩ አውርድ። ይህን ያወቅሁት ተዋርጄ ነው። አንዱ ኤክስቼንጅ ከተወሰነ ጊዜ በላይ የቆየ ታሪክ ከገጹ እንዳወርድ አልፈቀደልኝም። የደንበኛ አገልግሎቱን ጠየቅኩ። ሦስት ጊዜ ያንኑ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ ላኩልኝ፤ «በገጹ ላይ ማውረድ ይችላሉ»። የማይወርድበትን ስክሪን ፎቶ አያይዤ ስልክላቸው ጥያቄውን ዘጉት። የገዛ ገንዘቤን ታሪክ ነው የለመንኳቸው! በመጨረሻ የድሮ ኢሜሎቼን አንድ በአንድ ከፍቼ ከትዕዛዝ ማረጋገጫዎቹ 61 ግዢ በእጄ ጻፍኩ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ግን ስጨርስ የሁሉም ቦታ መጠን ገጠመ። ያን ቀን በጣም ነው የኮራሁት።

ለግብር የምትጠቀምበት ከሆነ ግን መጀመሪያ የምትኖርበት አገር የትኛውን የአቆጣጠር ዘዴ እንደሚቀበል ጠይቅ። የትኛው ዕጣ እንደተሸጠ ራስህ መምረጥ የማይፈቀድበት፣ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ ይሸጥ የሚባልበት ቦታ አለ። ያኔ H አምድ ላይ ዕጣውን የምትሰጠው በቀን ቅደም ተከተል ነው፤ ሌላው አይቀየርም።

ከየኤክስቼንጅህ ሲኤስቪ የላይኛዋን መስመር፣ የአምዶቹን ስም ብቻ፣ እዚህ ለጥፍልኝ። የትኛው ወደየት እንደሚገባ አሳይሃለሁ። የዋሌት አድራሻህንና ያለህን መጠን ግን እንዳትለጥፍ።