ጭሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፦ ስለ ከሰል የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ አልቆ በደንብ ከፋመ በኋላ ነው የማስገባው። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ውጭ ማቀጣጠልዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚፈጠረው በቂ አየር በማይደርሰው የፍሙ ክምር ውስጥ ስለሆነ፣ ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ያመነጨዋል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ሲጠፋ ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው የሚጠፋው።

ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ የኪራይ ክፍል እንውሰድ። በውስጡ 30 ሜትር ኩብ አየር አለ። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 200 ግራም ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ለቡናና ለወጥ የሚበቃ 300 ግራም ከሰል 60 ግራም ያህል ይለቃል። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ይህ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2,000 ሚሊ ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ያስቀመጠው ጣሪያ 35 ሚሊ ግራም ነው። በእርግጥ ፍጹም የታሸገ ቤት የለም፤ ይሁን እንጂ በክረምት ብርዱን ለመከላከል የበሩን ሥር በጨርቅ የሚወትፍ ሰው ወደዚያው ይጠጋል።

ጥያቄ፦ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እተዋለሁ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በበሩ ሥርም ይወጣል፤ አንድ ሳህን ውኃም አጠገቡ አስቀምጣለሁ።

መልስ፦ የበሩ ሥር ክፍተት መጥቀሙ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር በጥቂቱ ይቀላል፤ ከፍሙ ሙቀት ጋር ወደ ላይ ወጥቶ በክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ስለዚህ ንጹሕ አየር በታች የሚገባበት፣ የሞቀው ደግሞ በላይ የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል። በሩንና ከፊት ለፊቱ ያለውን መስኮት ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ ምድጃውን ከመኝታው አርቀው አየሩ በሚወጣበት በኩል ያስቀምጡ። የሚከፍቱት ምድጃው ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክፍት ይቆይ። ገርበብ ያለ አንድ መስኮት፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ እምብዛም አየር አይለውጥም። በግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ያለው ክፍተትም ቢሆን ኮርኒስ ከተሠራ በኋላ አይታመንም። ውኃው ጋዙን አይመጥም። ከሁሉ የሚሻለው በረንዳ ላይ ማብሰል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ቡና በከሰል ሳፈላ ጣሪያ ላይ ያለው የጋዝ ጠቋሚ ይጮሃል። ባትሪውን ላውጣው?

መልስ፦ በፍጹም። እነዚያ ጠቋሚዎች ጋዙ መጠነኛ ሲሆን ቶሎ እንዳይጮሁ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በሚሊዮን 70 እጅ ሲደርስ እንኳ የሚጮሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሲጮህ ሁላችሁም ወጥታችሁ ወደ 911 ደውሉ። ለአፓርታማ ቡና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት እኔም ልጆቼም ራሳችንን አሞን አቅለሸለሸን፤ ጉንፋን መስሎን ወተት ጠጥተን ተኛን። በምን ይለያል?

መልስ፦ የእርስዎን ሁኔታ ሳልመረምር መናገር አልችልም። ይሁንና ትኩሳት ሳይኖር የቤቱ ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመ፣ ውጭ ሲወጣ ከቀለለውና ሲገባ ከተመለሰበት፣ ጋዙን መጠርጠር ይገባል። ወተት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ከሰጡት ደግሞ ሊያንቀው ይችላል። በሩን ከፍተው ሰውየውን በቶሎ ወደ ውጭ ያውጡ፣ በ907 አምቡላንስ ይጥሩ። በንጹሕ አየር ብቻ በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ጭምብል ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጋዙን ከኦክስጅን ስለማይለይ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ከሰል እንደነበረ ይንገሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ሕመሙ ቢቀላትም መታየት አለባት።

ጥያቄ፦ ማታ ረመጡን አመድ አልብሼ ብተኛስ? ውጭ ካሳደርኩት ላቀች ምድጃዬን ሌባ ይወስድብኛል።

መልስ፦ አመድ የለበሰ ፍም አልጠፋም፤ አየር አጥቶ እየተብላላ እስከ ንጋት ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ አያነቃውም። ሌባውን በተመለከተ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ውኃ ቢያፈሱበት የምድጃው የሸክላ ውስጥ ይሰነጠቃል። ፍሙን ውጭ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የብረት ጣሳ ውስጥ ገልብጠው ይክደኑት፤ አየር አጥቶ ይጠፋል፣ የተረፈው ከሰልም ለነገ ይሆናል። ጣሳው እዚያው ውጭ ይደር፤ ባዶውን ምድጃ ግን አንድም ፍም እንዳልቀረበት አይተው ማስገባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ባሠራለትስ፣ አንድደን መተኛት እንችላለን?

መልስ፦ በደንብ የሚስብ ቧንቧ ለማብሰያ ሰዓት ይረዳል። ለመኝታ ግን፣ ሌሎች ባለሙያዎች ሊከራከሩኝ ቢችሉም፣ እኔ አልፈቅድም፤ ክፍት ምድጃ ላይ የተንጠለጠለ ቧንቧ የሚያወጣውን ነፋስ ወደ ቤት ሲመልሰው የሚያይ የነቃ ሰው የለም።